የክፍያ ኮድ ያለበት ኢንቮይስ ምንድን ነው?

«በኢሜይል በሚላክ ኢንቮይስ ላይ የክፍያ ኮድ ማስገባት ማለት የድርጅቱን የኪውአር ምስል ከመልእክቱ ግርጌ መለጠፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ ገንዘቡ በራሱ ይሰበሰባል» የሚል ማብራሪያ ደጋግሜ እያነበብኩ ነው። የትናንሽ ድርጅቶችን ሂሳብ የሚይዝ ሰው ይህን አባባል በዝምታ ሊያልፈው አይገባም፤ ምክንያቱም ምክሩን አምኖ የሚሠራ ነጋዴ ገንዘቡ ሲገባለት የማን ክፍያ እንደሆነ ማወቅ ይሳነዋል።

በመጀመሪያ ኮዱ ከማንም ሂሳብ ላይ ገንዘብ አይስብም። ደንበኛው ኮዱን በባንኩ መተግበሪያ ሲያነበው የክፍያ ቅጹ ተሞልቶ ይቀርብለታል፤ ገንዘቡ የሚንቀሳቀሰው እርሱ አይቶ በምስጢር ቁጥሩ ካጸደቀ በኋላ ብቻ ነው። ኮዱን አድራሻው አስቀድሞ እንደተጻፈበት ባዶ ፖስታ አድርጎ ማሰብ ይቻላል። ገንዘቡን ውስጡ የሚያኖረውም ሆነ የሚልከው ከፋዩ ነው፤ የእናንተ ድርሻ በፖስታው ላይ ምን እንደሚጻፍ መወሰን ነው። የተቀባዩ አድራሻ ብቻ ከተጻፈበት ፖስታው ይደርሳል፤ ነገር ግን ስለምን ጉዳይ እንደተላከ የሚናገር አንድም ቃል አይኖርበትም። የድርጅቱን ቋሚ ኮድ ኢንቮይስ ላይ መለጠፍ እንዲህ ዓይነት ፖስታ ማደል ነው። ቋሚው ኮድ የተሠራው ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ለሚገናኙበት መደብር ነው፤ እዚያ ሻጩ ማን እየከፈለ እንደሆነ በዓይኑ ያያል።

ጉዳዩን በምሳሌ እንየው። አንድ የኮምፒውተር ጥገና ድርጅት ለሦስት ደንበኞች በየወሩ ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል፤ ለእያንዳንዳቸውም የ1250 ኢንቮይስ በኢሜይል ይልካል። በሳምንቱ መጨረሻ በባንክ ስቴትመንቱ ላይ ሁለት የ1250 ገቢዎች ይታያሉ። አንዱ የተላከው ከደንበኛው ድርጅት ሂሳብ ሳይሆን ከገንዘብ ያዡ የግል ሂሳብ ነው፤ ሌላው ደግሞ ነጋዴው በማያውቀው የእናት ድርጅት ስም ገብቷል። እንግዲህ ያልከፈለው ሦስተኛው ማን ነው? ነጋዴው ገምቶ ማስታወሻ ቢልክና ማስታወሻው ለከፈለው ሰው ቢደርስ የሚፈጠረውን ቅሬታ መገመት አያዳግትም።

ለዚህ መፍትሔው ለእያንዳንዱ ኢንቮይስ የራሱን ቁጥር የያዘ ኮድ ማውጣት ነው። ዓለም አቀፍ የክፍያ ደረጃዎችን የሚያወጣው ኢኤምቪኮ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣውና ብዙ አገሮች ለብሔራዊ የክፍያ ኮዳቸው መሠረት ባደረጉት ደንብ መሠረት ኮዱ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ተከታታይ መስኮች አሉት። እያንዳንዱ መስክ በሁለት አኃዝ መለያ ይጀምራል፤ ቀጥሎ የይዘቱ ርዝመት በሁለት አኃዝ ይጻፋል፤ ከዚያ ይዘቱ ይከተላል። ከምሳሌያችን ኢንቮይሶች የአንዱ ሁለት መስኮች እነሆ፦

```
54071250.00
62110107INV0417
```

በመጀመሪያው መስመር 54 የገንዘቡ መጠን መለያ ሲሆን 07 ደግሞ ይዘቱ ሰባት ቁምፊ መሆኑን ይናገራል። በሁለተኛው መስመር 62 የተጨማሪ መረጃ መስክ ነው፤ 11 ቁምፊዎች ይዟል፤ በውስጡም 01 የቢል ቁጥር መሆኑን፣ 07 ርዝመቱን ይገልጻል፤ ቀሪው የኢንቮይሱ ቁጥር ነው። በመግቢያው የጠቀስኩት ማብራሪያ የዘለለው ይህን ሁለተኛውን መስመር ነው። ይህ ቁጥር ከክፍያው ጋር ተጉዞ ስቴትመንቱ ላይ ከወጣ የላኪው ስም ማንም ይሁን ማን፣ 0417 እንደተከፈለና 0419 እንዳልተከፈለ ይታወቃል። የሂሳብ ሶፍትዌር ያለው ድርጅት ከክፍያ አገልግሎት ሰጪው በሚደርሰው ማሳወቂያ አማካይነት ኢንቮይሱ ወዲያው «ተከፍሏል» እንዲባል ማድረግ ይችላል፤ ሶፍትዌር የሌለው ደግሞ ስቴትመንቱን በማጣቀሻ ቁጥር ዓምድ ደርድሮ ከኢንቮይስ መዝገቡ ጋር ያስታርቃል።

ቁጥሩ ሳይቆረጥ መድረሱን ግን በእምነት ብቻ መቀበል አይገባም። ባንኮች ሁሉ የማጣቀሻ መስኩን አንድ ዓይነት አድርገው አያስተላልፉም፤ አንዳንዱ ያሳጥረዋል፣ አንዳንዱም ከነጭራሹ ይተወዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ኢንቮይስ ለደንበኛ ከመላኩ በፊት ከሌላ ባንክ ሂሳብ ትንሽ ገንዘብ በኮዱ ከፍሎ ስቴትመንቱ ላይ ምን እንደወጣ ማየት ያስፈልጋል።

በኮዱ መጨረሻ ላይ 63 በሚል መለያ የሚገባው አራት ቁምፊ ማረጋገጫም ሌላ የተሳሳተ ግምት ያስከትላል፤ ብዙ ሰው «ኮዱ ማረጋገጫ አለውና ሊጭበረበር አይችልም» ይላል። ይህ ማረጋገጫ ጽሑፉ ሲነበብ አለመበላሸቱን ብቻ ያሳያል። ወደ ፖስታው ስንመለስ፣ ፖስታው በመንገድ ላይ አለመቀደዱን ይነግረናል እንጂ አድራሻውን ማን እንደጻፈው አይነግረንም። የኢሜይል ሳጥን ሰብሮ የገባ ሰው በኢንቮይሱ ላይ የራሱን ሂሳብ የያዘ ኮድ ቢተካ ማረጋገጫውንም በትክክል አስልቶ ያስገባዋል። ጥበቃው ያለው ደንበኛው ከማጽደቁ በፊት መተግበሪያው በሚያሳየው የተቀባይ ስም ላይ ነው፤ በመሆኑም ደንበኛው የትኛውን ስም ማየት እንዳለበት አስቀድሞ፣ ቢቻል በስልክ ሊነገረው ይገባል።

በኢሜይል መላኩ የሚያመጣው የራሱ ችግርም አለ። ደንበኛው ኢሜይሉን የሚከፍተው በስልኩ ከሆነ፣ በዚያው ስልክ ካሜራ የራሱን ስክሪን ሊያነብ አይችልም። አንዳንድ መተግበሪያዎች ከተቀመጠ ምስል ላይ ኮድ ያነባሉ፤ ሁሉም ግን አያደርጉትም። ስለዚህ ከኮዱ ሥር ያንኑ የኢንቮይስ ቁጥርና መጠን የያዘ የክፍያ ሊንክ መኖር አለበት። በተጨማሪም ብዙ የኢሜይል ፕሮግራሞች ከውጭ የሚጫኑ ምስሎችን ስለሚያግዱ ኮዱ በተያያዘው ፒዲኤፍ ውስጥ ቢገባ ይመረጣል።

በሂሳብ ሥራ የሚያጋጥመኝን አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ደንበኛው ድርጅት ከሆነና ከክፍያው ላይ ተቀናሽ ግብር የመያዝ ግዴታ ካለበት የሚከፍለው መጠን ከኢንቮይሱ ጠቅላላ ድምር ያነሰ ይሆናል። ኮዱ ላይ ሙሉው መጠን ከተቆለፈ ደንበኛው ኮዱን ይተወውና የሂሳብ ቁጥሩን በእጁ ጽፎ ይከፍላል፤ የኢንቮይስ ቁጥሩም በዚያው ይቀራል። ለእንዲህ ዓይነት ደንበኛ ተቀናሹን ያወጣ የተጣራ መጠን ማስገባት፣ ወይም መስክ 54ን ትቶ ቁጥሩን ብቻ ማስቀመጥ ይሻላል፤ መስኩ ከሌለ መተግበሪያው መጠኑን ከፋዩን ይጠይቃል።

ኢንቮይሱ ከተከፈለ በኋላም ኮዱ በደንበኛው ኢሜይል ውስጥ ይቆያል። በአገልግሎት ሰጪው ሥርዓት ውስጥ የጊዜ ገደብ ካልተበጀለት ወይም ከክፍያ በኋላ ካልተዘጋ፣ የደንበኛው ሌላ ሠራተኛ ያንኑ ኮድ ዳግም አንብቦ ሊከፍል ይችላል። በስቴትመንቱ ላይ 0417 ሁለት ጊዜ ከታየ ሁለተኛው ገቢ ሽያጭ አይደለም፤ ለደንበኛው እስኪመለስ ወይም በስምምነት ለቀጣዩ ኢንቮይስ እስኪታሰብ ድረስ በዕዳ ይመዘገባል።