ሚዛኑ ላይ የጎደለው ስብ ነው ወይስ ውኃ?

«እንጀራ በተውኩ በሳምንቱ 3 ኪሎ ስብ አራገፍኩ።»

ይህን ያለችኝ በጎንደር ፒያሳ መንገድ ዳር ተመዝና 78 የነበረው ክብደቷ 75 መሆኑን ያየች ጎረቤቴ ናት። ሚዛኑ አልዋሸም፤ የጎደለውን ግን ስብ ነው ማለት ያስቸግራል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ በግምት 7,700 ኪሎ ካሎሪ ስለሚይዝ፣ 3 ኪሎውን በ7 ቀን ለማቃጠል በየቀኑ 3,300 መጉደል ነበረበት። ቀኑን ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ የምትውል ሴት በቀን የምታወጣው ከ2,000 ብዙ አይርቅምና፣ ሳምንቱን ሙሉ ምግብ ባትቀምስ እንኳ ከ2 ኪሎ ያነሰ ስብ ነው የምታጣው።

ጉበትና ጡንቻ ግላይኮጅን በሚባል መልክ ግማሽ ኪሎ ገደማ ስኳር ያስቀምጣሉ፤ እያንዳንዱም ግራም 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። እንጀራ፣ ዳቦና ድንች በአንድ ጊዜ ሲቀሩ ይህ ክምችት በጥቂት ቀናት ይመናመናል፤ ውኃውም በሽንት ይወጣል። እርግጥ ጥቂት ስብም ቀንሳለች፤ እንጀራው ሲቀር ወጡም አብሮ ቀርቷልና። ጥምቀትና ቃና ዘገሊላን እንደ ሰው ስትበላ ሰንብታ ብትመዘን 77 ሆነባት፤ «ወፈርኩ» ብላም ደነገጠች። በ2 ቀን 2 ኪሎ ስብ ለመጨመር ግን ሰውነቷ ከሚያወጣው በላይ 15,400 ኪሎ ካሎሪ መብላት ይኖርባት ነበር። የተመለሰው ውኃው ነው።

«የማጽጃ ሻይ መርዙንም ስቡንም ጠራርጎ ያወጣል።»

በብዙዎቹ ውስጥ ያለው እናቶቻችን ለሆድ ድርቀት የሚያውቁት ሰናመኪ ነው። ሰናመኪ የሚሠራው በትልቁ አንጀት ላይ ሲሆን፣ የምግቡ ጉልበት በአብዛኛው ከዚያ በፊት በቀጭኑ አንጀት ተመጥጦ ያልቃል፤ ስለዚህ የሚወጣው ውኃ፣ ዓይነ ምድርና እንደ ፖታሲየም ያሉ ጨዎች ናቸው። ሻይው በተቋረጠ በ2 እና በ3 ቀን ኪሎው ከተመለሰ፣ የቀነሰው ስብ አልነበረም። ቁርጠት፣ የጡንቻ መዛል ወይም የልብ ምት መዛባት ከመጣ ደግሞ ሻይውን አቁሞ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ደምን የሚያጣሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፤ ሻይው በዚህ አያግዛቸውም።

«ካርቦሃይድሬት እስካልነካሁ ድረስ ቅቤና ሥጋ አያወፍረኝም።»

እንጀራ መተው የምግብ ፍላጎታቸውን ቀንሶላቸው የሚከሱ ሰዎች አሉ፤ የሚከሱት ግን በጠቅላላው ያነሰ ስለበሉ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ኪሎ ካሎሪ አለው፤ ለጥብሱ 3 ማንኪያ የጨመረ ሰው ከእንጀራው ያተረፈውን መልሶ ከፈለ ማለት ነው። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚቀንስ ክኒን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ሐኪሙን ሳያማክር እንጀራ በድንገት ቢያቆም፣ የደሙ ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል።

ጎረቤቴ በኋላ እንጀራዋን ሳትተው መጠኑን ቀነሰች፤ የወጡንም ዘይት በማንኪያ መለካት ጀመረች። በቀን 500 ያህል ጎድሎባት አንድ ወር ሲያልፍ፣ በቅበላው ሰሞን ሚዛኑ እንደገና 75 አለ። በማግስቱም እንጀራ በልታ ብትመዘን ያው 75 ነበር።