የአሜሪካ ዜግነት ቃለ መጠይቅ፦ ስለ ዝግጅቱ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የሲቪክስ ጥያቄዎቹን ከነመልሳቸው በቃሌ ይዣለሁ፤ ሌላ ምን ቀረኝ?»

ዋናው ቀርቶዎታል። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ ያመለከተ ሰው ስለ አሜሪካ ታሪክና መንግሥት ከተዘጋጁት 128 የሲቪክስ ጥያቄዎች ውስጥ እስከ 20 ይጠየቃል፤ 12 ከመለሰ ያልፋል። እንግሊዝኛ የመናገር ችሎታዎ የሚመዘነው ግን ፈታኙ ስለ ኤን-400 የዜግነት ማመልከቻዎ ሲያነጋግርዎ ነው። ጎረቤቶቼን ሳለማምድ ሁልጊዜ የማያቸው መደናቀፎች እዚያው ናቸው፤ በተለይ «ሃቭ ዩ ኤቨር» ብለው በሚጀምሩት ጥያቄዎች ላይ።

አንዱን እንውሰድ፦ «ሃቭ ዩ ኤቨር ክሌምድ ቱ ቢ ኤ ዩ ኤስ ሲቲዝን?» የሚጠይቀው «የአሜሪካ ዜጋ ነኝ ብለው ያውቃሉ?» ብሎ ነው። «ክሌምድ» ያመለጠው ሰው «ሲቲዝን» የሚለውን ብቻ ይይዝና ዜጋ መሆን ይፈልግ እንደሆነ የተጠየቀ መስሎት «የስ» ይላል። በሐሰት ዜጋ ነኝ ማለት ደግሞ በኢሚግሬሽን ሕግ ከባድ ጉዳይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ጥያቄ መጀመሪያ በአማርኛ ይረዱት፤ ቀጥሎ የሚያለማምድዎ ሰው በሌላ አነጋገር ይጠይቅዎት፦ «ዲድ ዩ ኤቨር ሴይ ዩ ዌር ኤ ሲቲዝን?» ለሁለቱም ያለ ማመንታት «ኖ» ካሉና ለምን እንደሆነ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ከተናገሩ ጥያቄው ገብቶዎታል ማለት ነው።

«የጥያቄዎቹን የድምፅ ቅጂ መኪና ውስጥ ስሰማ እውላለሁ፤ ጆሮዬ ከለመደ አፌም ይለምዳል።»

አፍ የሚለምደው ሲናገር ነው። የቀጠሮ ደብዳቤውን ሳይጠብቁ በቀን 20 ደቂቃ ይመድቡ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የማመልከቻዎን ጥያቄዎች ከፋፍለው ጮክ ብለው ይመልሱ፤ ድምፅዎን በስልክ ቀድተው ያዳምጡ። ቃሉ ተውጦ የሚቀርበት ቦታ ያኔ ይሰማዎታል። በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ሰው ቅደም ተከተሉን አዘበራርቆ ይጠይቅዎት፤ በቅደም ተከተል የተያዘ መልስ ተራው ሲናጋ ይጠፋልና። የሚጠይቅዎት ልጅዎ ብቻ አይሁን፤ የእሱን ድምፅ ለምደውታል። በመጨረሻው ሳምንት ቀኝ እጅ አንሥቶ ከመማል ጀምሮ የንባብና የጽሑፍ ዓረፍተ ነገሮችን ጨምሮ ሙሉውን ቃለ መጠይቅ ሁለት ጊዜ ያካሂዱ።

«ጥያቄው ካልገባኝ አለማወቄ እንዳይታይብኝ ‹የስ› እላለሁ።»

ፈታኙ ጥያቄውን እንዲደግም ወይም በሌላ አነጋገር እንዲያቀርብ መጠየቅ ይፈቀዳል። «ፕሊስ ሪፒት ዘ ኩዌስቸን» የሚለውም ልምምድ ይፈልጋል። አለማማጁ ሆን ብሎ አንዳንዱን ጥያቄ በጣም አፍጥኖ ይጠይቅ፤ እርስዎም በዚያው ቅጽበት ማስደገም ይልመዱ።

«አንዴ ከወደቅሁ አለቀልኝ።»

ከ60 እስከ 90 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ሁለተኛ ዕድል ይሰጣል፤ የሚፈተኑትም የወደቁበትን ክፍል ብቻ ነው። ከቢሮው እንደ ወጡ ያቃቱዎትን ጥያቄዎች ሳይረሷቸው ይጻፉ፤ ቀጣዩ ልምምድ ከእነሱ ይጀምራል።