ክር ላይ የታሰረ ድንጋይ አናት ላይ ስንት ፍጥነት ያስፈልገዋል?

በጥናት ቡድናችን ደጋግሞ የሚመጣ ስህተት አለ። ድንጋይ በክር አስረን ከላይ ወደ ታች ስናዞር፣ «አናት ላይ ትንሹ ፍጥነት ዜሮ ነው» ይባላል። አይደለም።

ክር መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም። አናት ላይ ክብደቱም የክሩ ውጥረትም ወደ ታች፣ ወደ ክቡ መሃል ይስባሉ። ፍጥነቱ ሲቀንስ ውጥረቱም ይቀንሳል። ውጥረቱ ዜሮ ሲሆን ድንጋዩን የሚያዞረው ክብደቱ ብቻ ነው፦ mg = mv²/r። ስለዚህ v = √(gr)። ልብ በሉ፣ m ተሰርዟል። ከባዱም ቀላሉም ድንጋይ እኩል ፍጥነት ይፈልጋሉ። ከዚህ ካነሰ ክሩ አናት ሳይደርስ ይረግባል፣ ድንጋዩም ከክቡ ይወጣል።

ድንጋዩ 0.5 ኪሎ፣ ክሩ 0.9 ሜትር ይሁን፤ g = 10 እንበል። አናት ላይ v = √9 = 3 ሜትር በሰከንድ ነው።

ታች ሲደርስ 2r ወርዷልና ፈጥኗል፦ v² = 9 + 4 × 10 × 0.9 = 45። እዚህ ውጥረቱ ሁለት ሥራ አለበት፤ ክብደቱን ይሸከማል፣ ድንጋዩንም ያዞራል፦ T = 5 + 0.5 × 45/0.9 = 30 ኒውተን። የክብደቱ 6 እጥፍ መሆኑ ነው። ብዙዎች mg መደመር ይረሱና 25 ይጽፋሉ። ክር የሚበጠሰውም አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ታች ነው።

√(gr) ለማንኛውም ክር ይሠራል። «6 እጥፍ» ግን የሚሠራው አናት ላይ ፍጥነቱ ትንሹ ሲሆንና ድንጋዩ በራሱ ሲዞር ብቻ ነው። ጥያቄው «ፍጥነቱ አይለወጥም» ካለ፣ ታች ያው 3 ነው፤ ውጥረቱም 10 ኒውተን ብቻ ይሆናል። በክር ፈንታ ብረት ዘንግ ከሆነ ደግሞ ዘንግ መግፋት ስለሚችል፣ ያኔ ዜሮ ልክ ነው።