መጋዘን ውስጥ የቆየ ዕቃ በሒሳብ መዝገብ ስንት ይባላል?

በዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 2 መሠረት የዕቃ ክምችት የሚታየው ከወጣበት ወጪና ከተጣራ የመሸጫ ዋጋው ባነሰው ነው፤ የተጣራ የመሸጫ ዋጋ የሚባለውም ዕቃው ይሸጥበታል ተብሎ ከሚገመተው ላይ የመሸጫ ወጪው ሲቀነስ የሚቀረው ነው።

አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ እያንዳንዱን በ900 ብር የገዛው 200 የፍሬን ሸራ አለው እንበል። የሚገጠምበት መኪና ከገበያ እየጠፋ በመሄዱ ከ800 ብር በላይ የሚከፍል ባይገኝ፣ ለደላላም 50 ብር ቢወጣ፣ የተጣራው ዋጋ 750 ብር ይሆናል። የ150 ብር ልዩነት በ200 ሲባዛ 30,000 ብር ስለሚሆን፣ ሽያጩ ሳይጠበቅ በዚያው ዓመት የተሸጡ ዕቃዎች ወጪ ዴቢት፣ የክምችት ዋጋ መቀነሻ ሒሳብ ደግሞ ክሬዲት ይደረጋል፤ በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይም ክምችቱ ከ180,000 ወደ 150,000 ብር ይወርዳል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት የቆየውን ሁሉ በመቀነስ ነው። ዕድሜ ለምርመራ ምልክት እንጂ ውሳኔ አይደለም፤ ዓመት ሙሉ ያልተነካ ዕቃ የተጣራ የመሸጫ ዋጋው ከወጪው በላይ ከሆነ ባለበት ይቆያል። ገበያው ቢያገግም ቅናሹ ይመለሳል፣ ሆኖም ከ900 ብር ሊያልፍ አይችልም።