ሁለት ኦዲተር፣ አንድ ዓመት፦ የከተማ ውሃ አገልግሎት የኦዲት ዕቅድ ላይ የሚነሱ ስህተቶች

«ሁሉንም ክፍል በየዓመቱ ማዳረስ አለብን።»

እስቲ ቀኑን እንቁጠር። ሁለት ኦዲተሮች አሉ እንበል። ቅዳሜና እሁድ፣ በዓላት፣ የዓመት ፈቃድና ሥልጠና ሲቀነሱ ለእያንዳንዳቸው 220 ቀን ያህል ይተርፋል፤ በድምሩ 440። ከዚህ ላይ ለዓመት መጨረሻ የገንዘብና የንብረት ቆጠራ 40፣ የቆዩ ግኝቶችን ለመከታተል 30፣ ለሪፖርትና ለቢሮ ሥራ 90፣ ድንገት ለሚመጣ ጥቆማ 66 ቀን አንሱ። የቀረው 214 ነው። አንድ ኦዲት በአማካይ 35 ቀን ቢወስድ ስድስት ኦዲት ይሠራል፣ በቃ። ሃያ ኦዲት የተጻፈበት ዕቅድ ሰኔ ላይ የሚያሳፍር ወረቀት ነው።

«ብር የሚበዛበት ቦታ ስጋቱም ይበዛል።»

ደመወዝን ውሰዱ። ብሩ ብዙ ነው፤ ግን የሰው ኃይል ያዘጋጃል፣ ፋይናንስ ያጣራል፣ ክፍያው በባንክ ይገባል። ከ5 የመከሰት ዕድሉን 2፣ ጉዳቱን 4 ሰጥተን ብናባዛ የስጋት ነጥቡ 8 ነው። የቆጣሪ ንባብን ደግሞ እዩት። አንባቢው ብቻውን ይዞራል፣ የጻፈውን ደግሞ የሚያይ የለም። 4 በ4፣ 16።

ግምት ነው እንዳትሉኝ፣ ነጥቡ ከመረጃ መነሳት አለበት። ከቢል ሲስተሙ የስድስት ወር ንባብ አውጡና ፍጆታቸው በየወሩ አንድ ዓይነት ወይም ዜሮ የሆኑ ደንበኞችን ለዩ። አንድ ከተማ ላይ ይህን ስናደርግ በር ላይ ወረፋ የማይጠፋው ዳቦ ቤት በየወሩ 5 ሜትር ኪዩብ ሆኖ ወጣ። ሄደን ስናይ ቆጣሪው ቆሟል፣ ሳጥኑ ላይ ደግሞ የዱቄት ጆንያ ተደርድሮበታል። አንባቢው ለካ የሚሞላው በግምት ነበር። ዝርዝሩ ረጅም ከሆነ ነጥቡ ከፍ ይበል። ባዶ የሆኑ ቤቶችም ዜሮ ስለሚያሳዩ ግን ሠላሳ ያህሉን በር ድረስ ሄዳችሁ እዩ።

«ባለፈው ዓመት ግኝት የለበትም፣ ስጋቱ ዝቅ ይበል።»

መጀመሪያ ማን አየው? ቧንቧና መገጣጠሚያ የሚቀመጥበት ግምጃ ቤት ለአራት ዓመት ካልተነካ ግኝት ከየት ይመጣል? ለዚህ ነው እኔ ከመጨረሻው ኦዲት ወዲህ ያለፈውን ጊዜ ራሱን የቻለ መለኪያ የማደርገው። ሦስት ዓመት ያለፈው ክፍል አንድ ደረጃ ይወጣል። የተለወጠ ነገርም ይቆጠራል፦ አዲስ ሲስተም፣ አዲስ ኃላፊ፣ የታሪፍ ለውጥ።

«ያልሸፈንነውን ለቦርዱ ማሳየት ራስን ማጋለጥ ነው።»

ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ የውስጥ ኦዲት ስታንዳርድ የአቅም ማነስ የሚያስከትለውን ውጤት ለቦርዱ አሳውቁ ይላል። ስለዚህ ክፍሎቹን ከከፍተኛው ነጥብ ጀምራችሁ ደርድሩ፤ ዘንድሮ ከሚሠሩት ስድስቱ በታች መስመር አስምሩና ሰባተኛውንና ስምንተኛውን ከነነጥባቸው ጻፉ፦ «የጄኔሬተር ነዳጅ፣ 12፣ ዘንድሮ አይታይም»። ቦርዱ አንድ ሰው ይጨምራል፣ ወይም ስጋቱን አውቆ ይፈርማል።