ብርሃን በሁለት ፖላራይዘር ሲያልፍ ምን ያህሉ ይቀራል?

ፓሪስ፣ 1808 እ.ኤ.አ.። የናፖሊዮን ጦር መሐንዲስ የነበረው ኤትየን ሉዊ ማሉስ ቤቱ ሆኖ ካልሳይት የሚባል ጥርት ያለ ድንጋይ ይዟል። ድንጋዩ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያሳያል። የምትጠልቀው ፀሐይ የሉክሰምበርግ ቤተ መንግሥት መስኮት ላይ ስታንጸባርቅ ማሉስ በድንጋዩ አሻግሮ አያት። ድንጋዩን ሲያዞረው ከሁለቱ ምስሎች አንዱ እየደበዘዘ፣ ሌላው እየደመቀ ሄደ። በቀጥታ ከፀሐይ የሚመጣ ብርሃን እንዲህ አያደርግም። መስታወት ላይ ነጥሮ የመጣው ብርሃን ጠባዩ ተለውጧል ማለት ነው። ለዚህ ጠባይ ፖላራይዜሽን የሚለውን ስም ያወጣለትም እሱ ነው።

ብርሃን ሞገድ ነው። ወደፊት ሲሄድ የኤሌክትሪክ መስኩ ወደ ጎን፣ ወይም ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወይም በሰያፍ ይወዛወዛል። ከፀሐይ ወይም ከአምፖል የሚመጣው የሁሉም አቅጣጫ ድብልቅ ነው። ውዝዋዜው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲሆን ብርሃኑ ፖላራይዝድ ሆኗል እንላለን።

ዛሬ እንዲህ ያለ ብርሃን ለማግኘት ካልሳይት ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። በ1930ዎቹ አሜሪካዊው ኤድዊን ላንድ የሠራው ዓይነት ስስ ፕላስቲክ ይበቃል። ፕላስቲኩ ተወጥሮ አዮዲን ይነከራል፤ ረጃጅም ሞለኪውሎቹም ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። በሰልፉ አቅጣጫ የሚወዛወዘውን መስክ ይውጡታል፣ ሰልፉን የሚያቋርጠውን ያሳልፉታል። ብዙ ሰው ነገሩን እንደ አጥር ያስበዋል፤ ከእንጨቶቹ ጋር ትይዩ የሆነው የሚሾልክ ይመስለዋል። እውነቱ ግን የዚያ ግልባጭ ነው።

እንዲህ ያለው ማጣሪያ ፖላራይዘር ይባላል። አሁን ሁለት ማጣሪያዎችን እንደርድር። ከአምፖል የመጣ 100 እጅ ብርሃን የመጀመሪያው ላይ ሲደርስ 50 እጁ ያልፋል። ድብልቅ ስለሆነ ማጣሪያውን የፈለግነውን ያህል ብናዞረው ያው ግማሽ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 60 ዲግሪ ዞሯል እንበል። የሚያልፈው የመስኩ ድርሻ በማዕዘኑ ኮሳይን ልክ ነው፤ ኮሳይን 60 ደግሞ 0.5 ነው። ነገር ግን ዐይናችንም ሆነ መለኪያው የሚቀበለው ጉልበትን ነው፣ ጉልበት ደግሞ በመስኩ ካሬ ይሄዳል። ስለዚህ 0.5 በ0.5 ተባዝቶ 0.25 ይሆናል። የ50 ሩብ 12.5 ነው። የማሉስ ሕግ ይህ ነው፦

```
I = I0 cos²θ
```

እዚህ θ በሁለቱ ማጣሪያዎች መካከል ያለው ማዕዘን ነው፣ I ደግሞ ከሁለተኛው ያለፈው ብርሃን። I0 ሁለተኛው ማጣሪያ ላይ የሚደርሰው ብርሃን ነው፣ አምፖሉ የሰጠው አይደለም። ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ የረሳ 25 ያገኛል። ካሬውን የረሳም 25 ያገኛል! ስለዚህ ደብተር ላይ 25 ያየ አስተማሪ ልጁ የቱን እንደረሳ በመልሱ ብቻ አያውቅም።

ማዕዘኑ 90 ሲሆን ምንም አያልፍም። ታዲያ በሁለቱ መሃል ሦስተኛ ማጣሪያ በ45 ዲግሪ ቢገባስ? ፖላራይዘር ወንፊት ቢሆን ኖሮ ወንፊት መጨመር ዱቄት አያበዛም ነበር። እዚህ ግን ጨለማው ይገፈፋል፦ 100፣ ከዚያ 50፣ ከዚያ 25፣ በመጨረሻ 12.5። ማጣሪያው የማይፈልገውን መጣል ብቻ አይደለም ሥራው፤ ያሳለፈውንም ወደ ራሱ አቅጣጫ ያዞረዋል። መሃል የገባው ብርሃኑን 45 ዲግሪ ስላዞረው ለመጨረሻው የሚያልፍ ድርሻ አገኘለት።

ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል። የላፕቶፕ ኤልሲዲ ስክሪን ነጭ ገጽ ክፈቱ። ስልካችሁ ላይ የብርሃን መለኪያ አፕ ከፍታችሁ የስልኩን ብርሃን ሴንሰር ወደ ስክሪኑ አዙሩ። ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ሴንሰሩ ላይ ያዙና ስልኩንና መነጽሩን አንድ ላይ ሳይሆን መነጽሩን ብቻ አዙሩ። ከስክሪኑ የሚወጣው ብርሃን ቀድሞውኑ ፖላራይዝድ ስለሆነ የመጀመሪያው ግማሽ እዚህ የለም። ትልቁ ንባብ I0 ነው። የክፍሉን መብራት አጥፉ፣ አለዚያ ንባቡ ዜሮ አጠገብ አይደርስም። በዐይን ብቻ ግን አትፍረዱ፤ ከ0 እስከ 20 ዲግሪ ሲዞር የሚጎድለው 12 እጅ ገደማ ስለሆነ ብዙም አይታወቅም።

እውነተኛ ማጣሪያ ከስሌቱ ትንሽ ይጎድላል። የመጀመሪያው 50 ሳይሆን ወደ 40 እጅ ቢያሳልፍ አይግረማችሁ፤ ፕላስቲኩ የራሱን ድርሻ ይውጣል። በ90 ዲግሪ የተያዙ ሁለት ማጣሪያዎችም ኃይለኛ መብራት ላይ ሲያዩባቸው ብዙ ጊዜ ጥቁር ሰማያዊ ፍንጣቂ ያሳልፋሉ። ዐይን የማያየውን ኢንፍራሬድማ በደንብ ያሳልፉታል። ስለዚህ ጨለማ ስለመሰለ ብቻ በነሱ ፀሐይን ወይም የፀሐይ ግርዶሽን ማየት ዐይን ያጠፋል።