ዳግም ማዘዣ ነጥብ ምንድን ነው? (እቃው መርከብ ላይ፣ ዶላሩ ወረፋ ላይ ሲሆን)

ዳግም ማዘዣ ነጥብ ማለት «እቃዬ እዚህ ቁጥር ላይ ሲደርስ አዝዛለሁ» ብለህ አስቀድመህ የምትቆርጠው መጠን ነው። ብዙ አስመጪ ግን የሚደነግጠው መደርደሪያው ሲሳሳ ነው። ያኔ ነገሩ አልፏል።

ደብረ ብርሃን ላይ የውሃ ፓምፕ መለዋወጫ ከቻይና የሚያስመጣ ነጋዴ እንውሰድ። ገዢዎቹ ሸዋሮቢትና አጣዬ አካባቢ በመስኖ ሽንኩርት የሚያመርቱ ገበሬዎች ናቸው። በበጋ በሳምንት 20 የፓምፕ ሲል፣ ማለትም ፓምፑ ውሃ እንዳያፈስ የሚያደርግ ትንሽ ማሸጊያ፣ ይሸጣል እንበል።

እቃው በስንት ጊዜ ይደርሳል ብትለው «መርከቡ 5 ሳምንት ነው» ይልሃል። መርከቡማ የሚታወቀው ክፍል ነው። መቁጠር ያለበት ፕሮፎርማውን ይዞ ባንክ ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው። ምንዛሪ ተገኝቶ ኤልሲ፣ ማለትም ባንኩ ለሻጩ ክፍያውን የሚያረጋግጥበት ሰነድ፣ እስኪከፈት 6 ሳምንት፣ ፋብሪካው እስኪያዘጋጅ 4፣ ባህር ላይ 5፣ ከጅቡቲ በሞጆ ደረቅ ወደብና በጉምሩክ አልፎ ደብረ ብርሃን እስኪገባ 3። ድምሩ 18 ሳምንት። በ20 ሲባዛ 360 ሲል ይሆናል።

ግን ባንኩ 6 ሳምንት ብሎ 14 ቢያደርገውስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም፣ የፈለግከውን ዶላር በፈለግከው ቀን ታገኛለህ ማለት አይደለም። ስለዚህ ለ8ቱ ትርፍ ሳምንታት 160 መጠባበቂያ ይጨመራል። የማዘዣ ነጥቡ 520 ሆነ ማለት ነው። ልብ በል፣ መጠባበቂያውን ያመጣው መርከቡ ሳይሆን ባንኩ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው 520ውን ሱቁ ውስጥ ካለው ጋር ብቻ ሲያወዳድር ነው። ሱቅ ውስጥ 300፣ ኤልሲው ተከፍቶለት መንገድ ላይ ያለ 240 ካለው በጠቅላላው 540 አለው፤ ለጊዜው አያዝም። ባንክ ወረፋ ላይ ያለ ጥያቄ ግን ገና እቃ አይደለም። ለብቻው ይጻፍ። ፈርተህ ሌላ ባንክ ሁለተኛ ጥያቄ ብታስገባና ሁለቱም ቢፈቀዱ ብርህ ሲል ሆኖ መጋዘን ይተኛል። ወረፋው ካሰብከው ካለፈ ግን የፕሮፎርማው ቀን እንዳያልቅ እያየህ አሳድሰው፣ ያለውን እቃም ለቋሚ ደንበኞች ቆጥበህ ሽጥ፤ ለአንድ ቸርቻሪ 100 ፍሬ በአንዴ አትልቀቅ።

ሌላው ወቅቱ ነው። ክረምት ሲገባ ፓምፑ ይቆማል፣ ሽያጩም ይወርዳል። በሰኔ ቀዝቃዛ ገበያ ተመርኩዞ የሚያሰላ ሰው በጥቅምት ባዶ እጁን ይቆማል። የሚቆጠረው እቃው ሲደርስ የሚኖረው ሽያጭ ነው። ለጥቅምት የሚፈለግ ሲል ሁሉ ነገር በሰዓቱ ከሄደ በሰኔ መጀመሪያ፣ ባንኩ ከዘገየ ደግሞ በሚያዝያ ባንክ መግባት አለበት። እኔ ብሆን በሚያዝያ አስገባለሁ፤ ሲል ቦታ አይዝም፣ ጥቂት ወራት ቢቆይም አይበላሽም። ፓምፑን ራሱን ግን እንደዚያ አላደርገውም፣ የሚይዘው ብር ብዙ ነው።